ለግድግዳ ያልተፈቀደ መድኃኒት

ደብዳቤው በታይፕ ተጽፎ፣ በሦስት ቅጂ ተባዝቶ፣ ማኅተሙ ሳይቀር ቀድሞ ተመቶበት ነው የመጣላት። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። «የመጋዘኑ የጥበቃ ውሾች የሞቱት ሆን ተብሎ በተሰጣቸው የአይጥ መርዝ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል» ይላል። ባለሙያዋ እንግዲህ እሷ መሆኗ ነው። አረጋገጥሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም።

የሺአረግ በከተማው የእንስሳት ክሊኒክ የእንስሳት ጤና ረዳት ናት። ሰው «ዶክተር» ሲላት ማረም ከተወች ሰባት ዓመቷ ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ያልወጋችው ግመል፣ ያላከመችው የጋሪ ፈረስ ያለ አይመስላትም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሁለተኛው ላይ መጨረሻው መስመር አላሳልፍ አላት፤ እዚያ የጋሽ ገብረ መድኅን ስም «አሻጥረኛ» ከሚል ቃል ጋር ተጎራብቶ ተቀምጧል።

«ጓድ ተሰማ ከሰዓት በፊት እንዲፈረም ብለዋል» አለ ደብዳቤውን ከመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ያመጣው ተላላኪ፣ አሁንም ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ።

«ጓድ ተሰማ ይጠብቁ» አለችው። «አንብቤ አልጨረስኩም።»

አንብባ ጨርሳለች። ማንበብ ሳይሆን ራሷን ማብረድ ነበር የቀራት።

ጋሽ ገብረ መድኅንን ማን ያውቃቸዋል? ባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው የመንግሥት እህል መጋዘን የውሻ ጠባቂ ናቸው። ሽማግሌ ሰው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ለአራት ውሻ በቀን ሁለቴ ገንፎ የሚያገነፉ። መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጡትም እሳቸው ናቸው፤ ሌላው ሠራተኛ ስለሚጸየፈው እሳቸው ላይ ጣለው። በቃ፣ ጥፋታቸው ይኸው ነው። በመጋቢት መጨረሻ ቦቢ የሚባለው ውሻ ደም ከአፍንጫው ሲንጠባጠብ ውሎ ሞተ። በሚያዝያ አጋማሽ ጃክ እንዲሁ ነስሮት ነስሮት ሞተ። የአይጥ መርዝ ደግሞ ደም እንዳይረጋ አድርጎ በነስር እንደሚገድል ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተሰማ ከመርዙ ቆርቆሮ ላይ አንብቧል። ማንበብ መቻሉ ነው ጉዱ። የመርዙን ቁልፍ የያዘው ማነው ተባለ፤ ሽማግሌው። በማግስቱ ከቀበሌ ሁለት ታጣቂ መጥተው ወሰዷቸው። ይኸው ዘጠኝ ቀናቸው።

በዚያ ዘመን «ኢኮኖሚያዊ አሻጥር» የተባለ ሰው ዘጠኝ ቀንም ዘጠኝ ዓመትም ቢቀመጥ ጠያቂ አልነበረውም። የሺአረግ ይህን ታውቃለች። ከፈረመች ሽማግሌው ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግራት አይኖርም። ካልፈረመች ደግሞ እሷን «አሻጥረኛ የምትደግፍ» ለማለት አንድ ሉህ ወረቀት ይበቃል።

ለተላላኪው ደብዳቤውን አልመለሰችለትም። ቦርሳዋን አንጠለጠለችና በጋሪ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

በሩ ላይ ዘበኛው ሲያድ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አጠገቡ፣ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሰፊ ብረት ላይ አንዲት ቡናማ ውሻ ተጋድማለች። ሚዛን ነው የሚሏት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሌሎቹ ጋር ውሻ ቤት አልገባም ብላ እዚያ ብረት ላይ ስለምታድር።

«ይቺ ደኅና ናት?» አለች የሺአረግ ጎንበስ ብላ። የጆሮዋን ውስጥ፣ የጣቶቿን መሐል ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። ሁለት መዥገር አገኘች። ድዷ ቀይ ነው።

«ደኅና ናት ወላሂ» አለ ሲያድ። «ያቺ ነጠብጣቧ ግን ታማለች። ሻሽ። ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልነካችም። ሽማግሌው የለም፤ ማን ይያት?»

«ገንፎውን ማን ነው የሚሠራው አሁን?»

«የሽማግሌው ሚስት ትልካለች፤ እኔ በእንጨት እየገፋሁ እሰጣለሁ። አንድ ድስት ነው፣ ለሁለቱም።»

«በፊትስ?»

«በፊትም አንድ ድስት። አራቱም ከአንድ ገበታ።»

የሺአረግ ቀና ብላ አየችው። ሲያድ ምን እንዳለ አላወቀውም፤ እሷ ግን ያን ቃል ቦርሳዋ ውስጥ እንዳስቀመጠችው ዕቃ ያዘችው። አራቱም ከአንድ ድስት ከበሉ፣ መርዙ ሚዛንን እንዴት ዘለላት?

ውሻ ቤቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። በጥንት ጊዜ የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫ የነበረ፣ በድንጋይና በጭቃ የታነጸ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል። ከውጭ ኖራ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ኖራው የተቀባው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ነው። ያን ጊዜም ነው ውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ የተቸነከረው። «ንቃት የአብዮቱ ጋሻ ነው» ይላል በቀይ ቀለም። ለውሾች መሆኑ ነው። ማንበብ ቢችሉ ምን ይሉ ነበር፣ እግዜር ይወቅ።

ሻሽ ጥግ ላይ ተኝታለች። ጅራቷን አንዴ አነቃነቀችና ተወችው። የሺአረግ ቴርሞሜትሩን አስገብታ ጠበቀች፤ አርባ ነጥብ ስድስት። ከመንጋጋዋ ሥር ያሉት ዕጢዎች አብጠዋል። ድዷ ገርጥቷል፤ ሆዷ ላይ በስስ ቆዳዋ በኩል የደም ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ብሏል። ጆሮዋን ስትገልጠው መዥገሩ ተደርድሯል፤ ትልቁም ትንሹም። የአይጥ መርዝ ከመቼ ወዲህ ነው ትኩሳት የሚያመጣው? የአይጥ መርዝ ከመቼ ወዲህ ነው ዕጢ የሚያሳብጠው?

ከጆሮዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዳ መስታወት ላይ ቀባች። ክሊኒኩ ተመልሳ መስታወቱን በቀለም ነክራ ማይክሮስኮፑ ላይ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ቁጭ አለች። መጀመሪያ ቀዩን የደም ሴል ፈተሸች፤ መዥገር የምታመጣው ሌላው በሽታ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የለም። ከዚያ ነጩን አንድ በአንድ ተከተለችው። ዐይኗ ሲደክም ታሻሸዋለች፤ እንደገና ታጎነብሳለች። መጨረሻ ላይ በአንድ ነጭ ሴል ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አየች። ትንሽ ቆይታ ሌላ አገኘች። ኤርሊኪያ። ከመዥገር በቀር ከውሻ ወደ ውሻ የሚያሻግረው የሌለ፣ ወር ሁለት ወር ተደብቆ ቆይቶ ደምን ከውስጥ የሚጨርስ፣ በተለይ የፈረንጅ ዘር ያለበትን ውሻ በነስር የሚገድል። ቦቢና ጃክ ጆሯቸው የቆመ፣ የፈረንጅ ዘር የነበረባቸው ውሾች ናቸው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደሟ ፈላ እንጂ ደስታስ አልመጣላትም። ምክንያቱም ይህን ቀድማ ጽፋለች፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ሻሽ አራት ቡችላ ወልዳ ነበር፤ ቁንጫ ደማቸውን መጥጦ መጥጦ ድዳቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ ሦስቱ አለቁ፤ የተረፈውን አንዱን ጎረቤት ወሰደው። የሺአረግ ያን ጊዜ ተጠርታ መጥታ ለጋሽ ገብረ መድኅን አስረዳቻቸው። የቁንጫ እንቁላል ውሻው ላይ አይቆይም፤ የሚተኛበት ጆንያ ላይ ይረግፋል፤ እዚያው ይፈለፈላል። ውሻውን ብቻ ማጠብ ዋጋ የለውም። ሽማግሌው በወታደር ደንብ ነው የያዙት። በየእሑዱ ጆንያውን በበርሜል ይቀቅላሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ወለሉን ጥግ ድረስ ጠርገው ያቃጥላሉ። በሁለት ወር ቁንጫ የሚባል ጠፋ። ለሱ የማንም ፊርማ አላስፈለገም፤ ውሃና ማገዶ ነው።

መዥገር ግን ጆንያ ላይ አይቀመጥም። ቡናማው የውሻ መዥገር ደሙን ጠጥቶ ሲጠግብ ከውሻው ይወርድና ሽቅብ ይወጣል። ግድግዳ ይወጣል። ስንጥቅ ፈልጎ ይገባና አንዷ እናት ሺህና ሁለት ሺህ፣ ከዚያም በላይ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የተፈለፈለው ደግሞ ደም ሳያይ ወራት መጠበቅ ይችላል። በድሬ ዳዋ ሙቀት ክረምት በጋ የለውም። ስለዚህ የሺአረግ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጹን ስትሞላ ሁለት መስመር ጻፈች። አንደኛው፣ አራቱን ውሾች በየአሥራ አምስት ቀኑ ለማጠቢያ። ሁለተኛው፣ የውሻ ቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ለመርጫ። ቅጹ ከጓድ ተሰማ ቢሮ ሲመለስ የመጀመሪያው መስመር «ተፈቅዷል» ይላል። ሁለተኛው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ «መድኃኒቱ ለእንስሳ እንጂ ለግድግዳ አልተመደበም» የሚል ተጽፎበታል። በኅዳር እንዲህ፣ በጥር እንዲህ፣ በመጋቢት እንዲህ። ሄዳ ብታስረዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። «ግድግዳ ይታመማል እንዴ፣ ጓድ የሺአረግ?» ብሎ ሳቀባት። ቢሮው ውስጥ የነበሩትም አብረው ሳቁ።

እንግዲህ የታጠበው ውሻ ማታ ይገባል፤ መድኃኒቱ ከላዩ ሳስቶ ሳያልቅ እንኳ ግድግዳው ሌላ ይልክበታል። ባልዲውን ከሥር ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ነው። ሽማግሌው በጣታቸው እየለቀሙ፣ በቆርቆሮ ናፍጣ ውስጥ እየጨመሩ ይቆጥሩላት ነበር፤ ዛሬ ስልሳ፣ ዛሬ ሰባ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መጋላ ሰፈር ሄዳ የቴትራሳይክሊን ፍሬ በራሷ ገንዘብ ገዛችና ለሲያድ ሰጠችው።

«ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ አንድ ቀን። ብትሻላት እንኳ እንዳታቋርጥ። ሥጋ ውስጥ ሸጉጠህ...» አለችና ቆም አለች። ሲያድ ውሻ እንደማይነካ ታውቃለች። በእምነቱ የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፤ አንዱ በአፈር። «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው» አለችው።

ሲያድ ፍሬዎቹን አገላብጦ አየ። «ሃያ አንድ ቀን፣ ሦስት ሦስቴ» አለ። «ብዙ አፈር ነው የምትጠይቂኝ፣ ዶክተር።» ከዚያ ሽርጡ እጥፋት ውስጥ ከተታቸው። «ሽማግሌው ዳቦውን ከፍሎ ነው የሚበላው ከኔ ጋር። እሰጣታለሁ።»

ጓድ ተሰማ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለ። ድምፁ ውስጥ ትዕግሥት የሚባል የለም። «ፊርማው የት ደረሰ? ከፓርቲ ጓድ ሀብተ ማርያም ነገ ቅዳሜ ይመጣሉ። ነገሩ ተጠናቅቆ ሊያዩት ይፈልጋሉ።»

«ቅዳሜ እፈርማለሁ» አለችው። «ግን ውሻ ቤቱ ጋ ሆኜ ነው። ጋሽ ገብረ መድኅንም ይምጡ። የሚከሰሰው ሰው ፊት ነው የምፈርመው።»

ጓድ ተሰማ ይህን ወደደው። ሰው ፊት መፈረም ደንበኛ የአብዮት ሥርዓት መሰለው። የሞኝ ነገር፣ ገመዱን ራሱ አቀበላት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ውሻ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። ጓድ ሀብተ ማርያም ሰማያዊ ካኪውን በካውያ አስተኩሶ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ መጥቷል። ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች ጋሽ ገብረ መድኅንን በመሐል ይዘው ቆሙ። ሽማግሌው ከስተዋል፤ ቀበቷቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘዋል። የሺአረግ ያን እጅ አየችው። ሰላሳ ዓመት ቀበቶ አጥብቆ የኖረ ወታደር ነው እኮ።

«ሻሽስ?» አሏት በቀስታ።

«ትናንት ማታ በልታለች» አለቻቸው።

ጓድ ተሰማ ደብዳቤውን ዘረጋላት። «እንግዲህ ጓድ የሺአረግ።»

«ከመፈረሜ በፊት አንድ ጥያቄ» አለች ወደ ጓድ ሀብተ ማርያም ዞራ። «አራት ውሾች ነበሩ። አራቱም ከአንድ ድስት፣ ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ዘበኛውን ይጠይቁት። ሁለቱ ሞቱ፣ አንዷ ታመመች፣ አራተኛዋ ይኸው ዋናው በር ላይ ትጮኻለች። መርዝ ከሆነ እሷን ለምን ተዋት?»

ጓድ ሀብተ ማርያም ዞሮ ጓድ ተሰማን አየ።

«ልዩነታቸው የሚያድሩበት ቦታ ነው» አለች ወደ ውስጥ እያስገባቻቸው። «እሷ ስንጥቅ የሌለው ብረት ላይ ነው የምታድረው። ሦስቱ ግን እዚህ ውስጥ ነው። የታመመችውን ደም በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ፤ የመዥገር በሽታ ነው። መስታወቱን ይዤዋለሁ። መዥገሮቹ የት እንዳሉ ደግሞ አሁን አሳያችኋለሁ። ያ ሰሌዳ ይነቀል።»

ታጣቂዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሰሌዳው እላይ ሆኖ «ንቃት የአብዮቱ ጋሻ ነው» ይላል።

«መፈክር ነው የሚነቀለው?» አለ ጓድ ተሰማ ፊቱ ቀልቶ። «ምን እያልሽ እንደሆነ ይገባሻል?»

«ኮምፔንሳቶ ነው የምለው። ከግድግዳው ጋር አልገጠመም፤ ኋላው ክፍተት አለ።»

ሁሉም ሌላው እንዲነቅለው ይጠብቃል፤ ማንም ደግሞ ነቃዩ እሱ እንዲባል አይፈልግም። የሺአረግ ቦርሳዋን ከፍታ ለፈረስ ጫማ የምትይዘውን ጉጠት አወጣች፤ ሽማግሌው ሲያገነፉ የሚቀመጡበትን በርጩማ ጎትታ ወጣችበት። ፈርታለች፤ ተናድዳለችም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አላወቀችውም። የመጀመሪያው ምስማር ጮኾ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሰሌዳው በአንድ ወገን ተንጠለጠለና ወደቀ።

ከሰሌዳው ኋላ ግድግዳው ይንቀሳቀስ ነበር። የጠገቡት እናቶች እንደ ጉሎ ፍሬ ተወጥረው፣ ግራጫ ሆነው ስንጥቁን ሞልተውታል። ከሥራቸው ቡናማ የእንቁላል ክምር አለ። ገና የተፈለፈለው ደግሞ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ሆኖ በድንጋዩ ላይ ይሄዳል። ከሰሌዳው ጋር የወደቀው ወለሉ ላይ ተበተነና የሚሄድበትን አጥቶ ወደ ቆመው ሰው ሁሉ ተጓዘ። ጓድ ሀብተ ማርያም የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ፣ ሱሪውን አየ፣ ካኪውን በሁለት እጁ እያራገፈ ከውሻ ቤቱ ወጣ። ታጣቂዎቹ እስረኛቸውን ረስተው ቀድመውት ወጥተዋል።

ጋሽ ገብረ መድኅን ብቻ አልወጡም። ግድግዳውን ቀና ብለው እያዩ «ስለቅም የከረምኩት ይኼን ነው?» አሉ።

ውጭ ፀሐዩ ላይ ጓድ ተሰማ ትንፋሹን ሰበሰበና ሌላ መንገድ ያዘ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም መንገድ አያጣም። «እንግዲያው ግልጽ ነው» አለ። «ጠባቂው ቤቱን አላጸዱም። ንዝህላልነት ነው። መርዙ ባይሆን እንኳ ጥፋቱ የሳቸው ነው።»

የሺአረግ ይህን ጠብቃው ነበር። ሦስቱን ቅጾች ከቦርሳዋ አውጥታ ለጓድ ሀብተ ማርያም ሰጠችው። «ሁለተኛውን መስመር ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አለች። «ቀኑንም እንዳይረሱ።»

ሰውየው ድምፁን አውጥቶ አነበበ። «ኅዳር፤ መድኃኒቱ ለእንስሳ እንጂ ለግድግዳ አልተመደበም። ጥር፤ መድኃኒቱ ለእንስሳ እንጂ ለግድግዳ አልተመደበም።» የመጋቢቱን ሲጀምር ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ ከሥሩ ያለውን ፊርማ አይቶ ወደ ጓድ ተሰማ ቀና አለ። ሲያድ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳቅ ሊሆን ይችላል።

«የቅጽ ስሕተት በማንኛውም ሠራተኛ ላይ ይደርሳል» አለ ጓድ ሀብተ ማርያም በመጨረሻ። «ሰውየው ይለቀቁ። ደብዳቤው ይቀደድ። ግድግዳው ይረጭ። መፈክሩም ተጠርጎ ወደ ቦታው ይመለስ።»

ይኸው ነው። የሁለት ውሻ ሞት፣ የሽማግሌ ሰው አሥራ አንድ ቀን እስራት የቅጽ ስሕተት ሆኑ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ቀበቶውን እንኳ የመለሰላቸው የለም፤ ሲያድ ነው ከጆንያ ማሰሪያው ገመድ ቆርጦ የሰጣቸው።

በሳምንቱ ሰኞ የሺአረግ ራሷ መድኃኒቱን በልኩ በጥብጣ፣ ፓምፑን በጀርባዋ አዝላ፣ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ጠምጥማ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የበሩን መቃን ሳይቀር ረጨችው። ጋሽ ገብረ መድኅን ስንጥቁን በሲሚንቶ ሊደፍኑ አሸዋ እየነፉ ነው። ሻሽ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ሚዛን ጎን ብረቱ ላይ ተጋድማለች፤ ሲያድ ሥጋውን በጣቱ ይዞላት ነበር፣ እንጨቱን ከተወው ቆይቷል። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዶ አፈር ዘግኖ እየቆጠረ ታጠበ።

«አለቀ ማለት ነው?» አሏት ሽማግሌው።

«አላለቀም። እንቁላሉን መድኃኒቱ አይገድለውም። የሚፈለፈለውን ለመያዝ በአሥራ አምስት ቀን እንደገና መረጨት አለበት። ውሾቹም አብረው መታጠብ አለባቸው፤ ላያቸው ላይ ያለው ተመልሶ ግድግዳ እንዳይወጣ። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም።» ቅጹን ጠዋት ሞልታ ልካዋለች። እንደ ወትሮው ሁለት መስመር ነው።

ከሰዓት በኋላ ተላላኪው ቅጹን ይዞ መጣ። የሺአረግ ጓንቷን አውልቃ ተቀበለችው። ሁለተኛው መስመር፣ የግድግዳው፣ «ተፈቅዷል» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። የመጀመሪያው መስመር፣ የውሾቹ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ «ግድግዳው ስለሚረጭ ውሾቹን ማጠብ አላስፈላጊ ነው» ተብሎ ተጽፏል።

ጋሽ ገብረ መድኅን በትከሻዋ በኩል አነበቡት። ወንፊቱን መሬት አስቀመጡ። የገመድ ቀበቷቸውን አጠበቁ። «ልጄ፣ እኔም ልምጣ?» አሏት።

«ይምጡ» አለች የሺአረግ።

የጓድ ተሰማን ቢሮ ደረጃ አብረው ወጡ። በሩ ዝግ ነበር። እሷ ሳታንኳኳ ከፈተችው።